ጋለሪ ላይ ቀጥ ያለ፣ ፋይሉ ውስጥ የተጋደመ፦ ኤአይን ያሳሳቱ የቆጠራ ፎቶዎች ጉዳይ

ጉዳዩ የአንድ መጋዘን የዕቃ ቆጠራ ነው። ቆጠራው በእጅ ተጽፎ 36 ገጽ ላይ ሰፍሯል። እያንዳንዱ ገጽ ሦስት ዓምድ አለው፦ የዕቃው ስም፣ ባለፈው የተቆጠረው ብዛት፣ አሁን የተቆጠረው ብዛት። ከገጹ ግርጌ የአሁኑ ቆጠራ ድምር ተጽፏል። ሥራውን የያዘችው ባልደረባዬ ገጾቹን በስልኳ ፎቶ አነሳች። ከዚያ ምስል ማንበብ ለሚችል የኤአይ መሣሪያ እየሰጠች ወደ ሰንጠረዥ አስቀየረቻቸው። ሐሳቡ ጥሩ ነው። እነዚህ መሣሪያዎች ግልጽ የሆነ የእጅ ጽሑፍ ቀጥ ብሎ ከደረሳቸው በደንብ ያነባሉ።

የመጡት ሰንጠረዦች ሲታዩ እንከን የላቸውም። ባዶ የቀረ ቦታ የለም። "ይህን ማንበብ አልቻልኩም" የሚል ቃልም የለም። ችግሩ የወጣው ድምሩ ሲሠራ ነው። አንዱ ገጽ ግርጌው ላይ 547 ይላል። ከመሣሪያው የመጡት ቁጥሮች ሲደመሩ ግን 697 ሆኑ። በሌሎች ገጾች ደግሞ ድምሩ ልክ ሆኖ ብዛቱ የሌላ ዕቃ ስም ላይ ተለጥፏል። መጋዘን ውስጥ ያለውን ዕቃ በዓይኗ ስለምታውቀው ነው የነቃችው። ሌላ ሰው ቢሆን ዝም ብሎ ያልፈው ነበር።

እንዳየው ስትጠይቀኝ አስቀድማ አንድ ነገር ተናገረች። "ፎቶዎቹኮ ቀጥ ያሉ ናቸው፣ ራስህ ክፈታቸው።" ከፈትኳቸው። ከስልኳ የመጡት ዋና ፎቶዎች አብዛኞቹ እውነትም ቀጥ ብለው ታዩ። ነገር ግን ወደ መሣሪያው የሄዱት እነዚህ አልነበሩም። ፎቶዎቹ ስለከበዱ በአንዲት አጭር የፓይተን ስክሪፕት አሳንሳቸው ነበር። የተላኩት የተቀነሱት ቅጂዎች ናቸው። የተቀነሱትን ፎልደር ከፍቼ ምስሎቹን በትልቁ ሳያቸው፣ ገጾቹ በብዛት በጎናቸው ተኝተዋል። አንዳንዶቹ ተዘቅዝቀዋል።

ስልኩ ምን ያስቀምጣል?

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንየው፣ የጉዳዩ ቁልፍ ይኸው ነውና። የስልክ ካሜራ ሴንሰር ስልኩ ውስጥ በአንድ አቅጣጫ ተገጥሟል፤ አይዞርም። ስልኩን ቁመቱን ይዘን ብናነሳም አግድም ይዘን ብናነሳም፣ ሴንሰሩ ፒክስሎቹን የሚያነበው በዚያው በራሱ ቅደም ተከተል ነው። አንዳንድ ስልኮች ከማስቀመጣቸው በፊት ፒክስሎቹን ራሳቸውን ያዞራሉ። ብዙዎቹ ግን ፒክስሎቹን እንዳሉ ያስቀምጡና ፋይሉ ላይ ትንሽ ማስታወሻ ይጨምራሉ። ማስታወሻው ኤግዚፍ በሚባለው የፎቶ መረጃ ውስጥ `Orientation` በሚል ስም ይቀመጣል። ዋጋው ከ1 እስከ 8 ያለ ቁጥር ነው። በተለመደ ፎቶ የሚያጋጥሙት አራቱ ናቸው። 1 ማለት "እንዳለ አሳየው" ነው። 3 ማለት "180 ዲግሪ አዙረው" ነው። 6 ማለት "በሰዓት አቆጣጠር አቅጣጫ 90 ዲግሪ አዙረህ አሳየው" ነው። 8 ደግሞ "በተቃራኒው 90 ዲግሪ" ነው። ቀሪዎቹ አራቱ በመስታወት እንደሚታየው ግራና ቀኛቸው ለተገላበጠ ምስሎች ናቸው።

ማስታወሻው ካርቶን ላይ እንደሚለጠፍ "ይህ ጎን ወደ ላይ" የሚል ቀስት ነው። ቀስቱን የሚያይ ሰው ካርቶኑን አስተካክሎ ያቆመዋል። ቀስቱ ከተላጠ ግን ካርቶኑ እንደተጋደመ ይቀራል፤ ማንም ምንም አልነካውም፣ ማንም የሚያቃናውም የለም።

የስልክ ጋለሪ፣ የኮምፒውተር ፎቶ ማሳያና ብራውዘር ዛሬ ይህን ማስታወሻ አንብበው ያከብሩታል። ስለዚህ በዓይናችን የምናየው ከተስተካከለ በኋላ ያለውን ነው። ባልደረባዬ "ቀጥ ያሉ ናቸው" ስትል የተናገረችው እውነት ነው። ያየችው ግን ማሳያው ያቃናላትን ምስል እንጂ ፋይሉ ውስጥ ያሉትን ፒክስሎች አይደለም።

የስክሪፕቷ ነገር ቀላል ነው። ፒሎ የሚባለው የፓይተን ላይብረሪ ፎቶ ሲከፍት ማስታወሻውን በራሱ ተግባራዊ አያደርግም። ጄፔግ አድርጎ ሲያስቀምጥም ኤግዚፉን አብረህ አስቀምጥ ካልተባለ ይጥለዋል። ስለዚህ ፎቶው ሲቀነስ ፒክስሎቹ እንደተጋደሙ ቀሩ፤ ቀስቱም ተላጠ። ከዚያ በኋላ የትኛውም ፕሮግራም አቅጣጫውን ከፋይሉ ሊያውቅ አይችልም።

አንድ የሚመስሉ ሁለት ብልሽቶች

ሁሉንም በስክሪፕቱ ላሳብብ ብል ግን አይሆንም። ከዋናዎቹ ፎቶዎችም ጋለሪው ላይ ራሱ የተጋደሙና የተዘቀዘቁ ነበሩ። በትንንሹ ስለሚታዩ አላስተዋለቻቸውም። የተዘቀዘቀ ሰንጠረዥ ጥፍር በሚያህል ምስል ላይ ከቀናው ሰንጠረዥ በቀላሉ አይለይም።

የመጀመሪያዎቹን 20 ገጾች ያነሳቻቸው ሰሌዳ ላይ አስደግፋ ነው። ስልኩ ፊት ለፊቷ ቆሞ ነበር። በዚህ ሁኔታ ስልኩ የመሬትን ስበት በሚለካው ሴንሰር የትኛው ወገን ወደ ታች እንደሆነ በትክክል ያውቃል። ሃያዎቹም 6 ቁጥር ይዘው ተቀምጠዋል፤ ልክ ነው። ቀሪዎቹን 16 ገጾች ግን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ከላይ ወደ ታች ነው ያነሳቻቸው። ስልኩ ከመሬት ጋር ትይዩ ሆኖ ሲጋደም ስበቱ በስክሪኑና በጀርባው በኩል ቀጥ ብሎ ያልፋል። ያን ጊዜ የስልኩ አራት ጎኖች ሁሉ እኩል ናቸው። ስልኩ "ወረቀቱ በየት በኩል ነው ቀጥ የሚለው" የሚለውን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ስለዚህ ከዚያ በፊት በያዘው አቅጣጫ ይቀጥላል፣ ወይም የእጅ ትንሽ ዘንበል ማለት ወደ አንዱ ጎን ይወስደዋል። ከ16ቱ ገጾች አንዳንዶቹ ትክክለኛ ቁጥር ያገኙት በዕድል ነው።

ልዩነቱ ጥገናው ላይ ይታያል። የመጀመሪያው ብልሽት ማስታወሻው ልክ ሆኖ ሳለ መንገድ ላይ መጥፋቱ ነው። ወደ ዋናው ፋይል ተመልሶ ማስታወሻውን ፒክስሎቹ ላይ ተግባራዊ ማድረግ ይፈታዋል። ሁለተኛው ግን ማስታወሻው ሲጻፍ ጀምሮ ስህተት መሆኑ ነው። እዚህ ላይ በራሱ የሚሠራ ማስተካከያ ምንም አይጠቅምም፤ የተሳሳተውን ትእዛዝ በታማኝነት ይፈጽማል እንጂ። እነዚህን የሚያቃናቸው ሰው በዓይኑ አይቶ ነው። ብዙ ሰው አንዱን ዘዴ ሞክሮ "ለግማሹ ሠራ፣ ለግማሹ አልሠራም" ብሎ የሚተወው ሁለቱ ብልሽቶች ስለተቀላቀሉበት ነው።

መሣሪያው ለምን ይሳሳታል?

የተዘቀዘቀ ወረቀት ሲሰጠን እኛ ወረቀቱን እናዞረዋለን። መሣሪያው የሚሠራበት የኤአይ ሞዴል ግን የሚያዞረው ነገር የለውም። ምስል የሚያነቡ ሞዴሎች በአብዛኛው ምስሉን ወደ ትንንሽ ካሬ ቁራጮች ይከፋፍሉታል። እያንዳንዱ ቁራጭ ከምስሉ ውስጥ የት ቦታ ላይ እንዳለ የሚናገር መረጃም አብሮት ይገባል። ሞዴሉ የተማረባቸው ጽሑፍ ያለባቸው ምስሎች ደግሞ በብዛት ቀጥ ያሉ ናቸው። ስለዚህ "ስሙ በዚህ በኩል፣ ብዛቱ በዚያ በኩል፣ የሚቀጥለው ረድፍ ከታች" የሚለውን ዝምድና የተማረው በቀጥታው አቅጣጫ ነው።

ለዚህ ነው ሁሉም ፎቶ እኩል የማይጎዳው። በጎኗ የተኛች ድመት ድመትነቷ አይጠፋም፤ ሞዴሉም ድመት ይላታል። አቅጣጫ ራሱ ትርጉም በሚይዝበት ቦታ ግን ነገሩ ይከፋል። ጽሑፍ፣ ሰንጠረዥ፣ የሰዓትና የቆጣሪ መርፌ፣ ቀስት ያለበት ንድፍ፣ "ከግራ ያለው የቱ ነው" የሚል ጥያቄ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። እንዲህ ያሉ ሞዴሎችን የሚሠሩት ኦፕንኤአይም አንትሮፒክም የዞሩ ምስሎች ሞዴሉን ሊያሳስቱት እንደሚችሉ በመመሪያዎቻቸው ላይ ጽፈዋል። አንትሮፒክ በተጨማሪ ሞዴሉ የምስልን ሜታዳታ፣ ማለትም ከፒክስሎቹ ጋር ፋይሉ ላይ የሚቀመጠውን መረጃ፣ እንደማይቀበል አስቀምጧል። የፎቶው ማስታወሻ ሜታዳታ ነው። ስለዚህ ሞዴሉ ቀስቱን አይቶ ያቃናዋል ብሎ መጠበቅ አይቻልም።

አሁን ወደ 547ቱ ገጽ እንመለስ። ይህ ገጽ ሰፋ ስለሚል ስልኩ አግድም ተይዞ፣ ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ነው የተነሳው። 3 ሊጻፍለት ሲገባ 1 ተጽፎለታል። ስለዚህ ተዘቅዝቆ ነው የተላከው። 14 ረድፍ አለው። አሥሩ ረድፎች በትክክል ተነበዋል። የተሳሳቱት አራት ብቻ ናቸው። ወረቀቱ ላይ 16 የሚለውን 91 ብሎታል። 89ን 68፣ 18ን 81፣ 66ን 99 ብሏል። ስልክዎን ገልብጠው እነዚህን ቁጥሮች ቢያዩዋቸው ምክንያቱ ወዲያው ይገባዎታል። 0፣ 1፣ 6፣ 8 እና 9 ሲዘቀዘቁም ትክክለኛ ቁጥር ይመስላሉ። 3፣ 4 ወይም 7 ያለበት ቁጥር ሲዘቀዘቅ ግን ቁጥር መምሰሉን ያቆማል። እነዚያን ረድፎች ሞዴሉ እንደተዘቀዘቁ ተረድቶ ልክ አነበባቸው። ሁለቱንም መንገድ የሚቀበሉት ላይ ግን ፊት ለፊት ያየውን ወሰደ። አራቱ ረድፎች በወረቀቱ ላይ 189 ናቸው፤ በተነበበው 339 ሆኑ። የ150ው ልዩነት ይኸው ነው። ግርጌ ያለው 547 ራሱ 4 እና 7 ስላለበት በትክክል ተነቧል፤ ስህተቱን ያጋለጠውም እሱ ነው።

የተጋደሙት ገጾች ስህተት ግን ድምር የሚይዘው ዓይነት አልነበረም። ገጹ በጎኑ ሲተኛ ረድፉ ዓምድ፣ ዓምዱ ረድፍ ይሆናል። በአንዱ ገጽ ላይ መሣሪያው የዕቃዎቹን ስም በትክክለኛው ቅደም ተከተል አነበበ። ብዛቱን ግን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው አነበበ። የመጀመሪያው ረድፍ ገመድ 25፣ የመጨረሻው ረድፍ ሶኬት 73 ነበር። በውጤቱ ገመድ 73፣ ሶኬት 25 ሆነ። ቁጥሮቹ ሁሉ እዚያው ስላሉ ድምሩ ምንም አልተዛነፈም። መሃል አካባቢ ያለን ረድፍ ለናሙና ብናይ ደግሞ ልክ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ሲገለበጥ መሃሉ መሃል ነውና። ስለዚህ እንዲህ ዓይነቱን ሰንጠረዥ ስንፈትሽ ድምሩን፣ የመጀመሪያውን ረድፍና የመጨረሻውን ረድፍ ማየት አለብን። ሦስቱ አንድ ላይ ብዙ ይይዛሉ።

"ምስሉ ቀጥ ያለ ነው?" ብሎ መሣሪያውን መጠየቅ ይቻላል። ግን መልሱ ላይ መተማመን አይገባም። ልክ ሊሆን ይችላል፤ የተዘቀዘቀውንም ቀጥ ያለ ነው ሊል ይችላል። ከማንበብ የሚያግደው ያው አቅጣጫን በደንብ አለማየት ነው፤ ጥያቄው ያንን አይለውጠውም።

እንዴት ተስተካከለ?

በመጀመሪያ ከተቀነሱት ቅጂዎች ተላቀን ወደ ዋናዎቹ ፎቶዎች ተመለስን። ማስታወሻው ያለው እዚያ ነው። በየፋይሉ ምን እንደተጻፈ ለማየት ኤግዚፍቱል በሚባለው ፕሮግራም ይህን ማስኬድ ይበቃል፦

```
exiftool -Orientation -n *.jpg
```

ሃያዎቹ የሰሌዳ ፎቶዎች ሁሉ 6 አሉ። የጠረጴዛዎቹ 1፣ 6 እና 8 ተቀላቅለውባቸዋል። በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰው እጅ የተነሱ ፎቶዎች ቁጥራቸው እንዲህ ሲዘበራረቅ ስልኩ እየገመተ እንደነበር መጠርጠር ይገባል።

ከዚያ ስክሪፕቷ ላይ የተጨመረው ዋና ነገር አንድ ነው። ፎቶው ከመቀነሱ በፊት ማስታወሻውን አንብቦ ፒክስሎቹን ራሳቸውን ያዞራል፦

```python
from pathlib import Path
from PIL import Image, ImageOps

Path("out").mkdir(exist_ok=True)
for p in Path("photos").glob("*.jpg"):
    img = ImageOps.exif_transpose(Image.open(p))
    img.thumbnail((1600, 1600))
    img.save(Path("out") / p.name, quality=90)
```

`exif_transpose` ፒክስሎቹን ካዞረ በኋላ ማስታወሻውን ያነሳዋል። ይህ አስፈላጊ ነው። ፒክስሉ ዞሮ 6 ቁጥሩ ከቀረ፣ ማስታወሻውን የሚያከብር ፕሮግራም ሁሉ እንደገና ያዞረዋል፤ የተቃናው ፎቶ ተመልሶ ይጋደማል። ፓይተን የማይጠቀም ሰው ኢሜጅማጂክ ካለው በ `mogrify -auto-orient *.jpg` ያንኑ ማድረግ ይችላል። ይህ ትእዛዝ ዋናዎቹን ፋይሎች ላያቸው ላይ ስለሚጽፍ መጀመሪያ ቅጂ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

በዚህ 20ዎቹ ገጾች ቀጥ አሉ። የጠረጴዛዎቹን ግን ከዚህ በኋላ `out` ፎልደር ውስጥ በትልቁ አውጥተን አንድ በአንድ አየናቸው። የተጋደሙትንና የተዘቀዘቁትን በእጅ አዞርናቸው። ከዓይን በፊት የሚረዳ አንድ አቋራጭ አለ። ቁመቱ ከስፋቱ የሚበልጥ ወረቀት ፎቶው 1600 በ1200 ሆኖ ስፋቱ ከበለጠ፣ ተጋድሟል ማለት ነው። ግን ይህ የሚያዘው የ90 ዲግሪ ስህተትን ብቻ ነው። የተዘቀዘቀ ገጽ ስፋትና ቁመቱ ስለማይለወጥ በልኬት አይያዝም። እሱን የሚይዘው ዓይን ነው።

ስክሪፕት የማያስፈልገው፣ ሁለት ሦስት ፎቶ ብቻ ያለው ሰው በስልኩ ሊጨርሰው ይችላል። ፎቶውን በጋለሪው ማስተካከያ ከፍቶ፣ አዙሮ ማስቀመጥ ነው። ሊታወቅ የሚገባው፣ አንዳንድ ፕሮግራሞች "አዙር" ሲባሉ የሚቀይሩት ፒክስሉን ሳይሆን ማስታወሻውን ብቻ ነው። ያን ጊዜ ፎቶው እኛ ጋ ቀና ብሎ ሌላው ጋ እንደተጋደመ ይደርሳል። ጥርጣሬ ካለ ፎቶውን ቀጥ አድርጎ ከፍቶ ስክሪንሾት ማንሳት ነው። ስክሪንሾት በስክሪኑ ላይ ያለውን እንዳለ ወደ ፒክስል ስለሚቀይር ስለ አቅጣጫው መጨነቅ ይቀራል። ዋጋው ጥራት ነው። 4000 በ3000 ፒክስል የነበረ ፎቶ ወደ ስክሪኑ ልክ ይወርዳል። ለትልልቅ ፊደል ምንም አይደለም። ጥቅጥቅ ላለ የእጅ ጽሑፍ ግን ገጹን ሁለት ቦታ ከፍሎ ማንሳት ይሻላል።

ለሚቀጥለው ቆጠራ ደግሞ የማንሻ መንገዷን ቀየረች። ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ማንጠፍ ትታ ሁሉንም ሰሌዳ ላይ ታስደግፋለች። ጠረጴዛ ላይ ማንሳት ግድ ከሆነ ስልኩን መጀመሪያ ፊት ለፊት ቀጥ አድርጎ ይዞ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ወረቀቱ ማጋደም ይረዳል። ስልኩ ቀጥ ብሎ ሳለ የያዘውን አቅጣጫ ብዙ ጊዜ ይዞ ይቆያል። ከማንሳት በፊት ደግሞ ካሜራው ላይ ያሉትን ትንንሽ ምልክቶች፣ ለምሳሌ የፍላሽን፣ ማየት ነው። በብዙ ስልኮች ላይ ምልክቶቹ ስልኩ "ላይ" ብሎ ወዳሰበው አቅጣጫ ይዞራሉ። ምልክቱ ከወረቀቱ ጽሑፍ ጋር አንድ አቅጣጫ ካልሆነ ፎቶው ተጋድሞ ሊቀመጥ ነው።

የተቃኑት 36 ገጾች እንደገና ሲላኩ የ547ቱ ገጽ ድምር 547 መጣ። የገመድና የሶኬት ረድፎችም ቦታቸውን ያዙ። ጥቂት ስህተቶች ግን ቀርተዋል። ጥላ የወደቀበት ጥግ ላይ ያሉና ሰው እንኳ አትኩሮ ካላያቸው 1 ይሁኑ 7 የማይለዩ ቁጥሮች ናቸው። ይህ የአቅጣጫ ጉዳይ አይደለም፤ ማዞር አይፈታውም። እነሱን ከወረቀቱ ጋር አመሳክራ በእጇ አስተካከለች።

አንድ ገጽ ብቻ ለየት ያለ ነበር። ሰንጠረዡ ቀጥ ያለ ሆኖ ቆጣሪው ኅዳጉ ላይ ወረቀቱን አዙሮ ማስታወሻ ጽፎበታል። ገጹ በየትኛውም አቅጣጫ ቢቆም ከሁለቱ አንዱ መጋደሙ አይቀርም። መሣሪያው ሰንጠረዡን ልክ አነበበና ከኅዳጉ ሁለት ቃል ለቅሞ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ጨመረ። ስለዚህ ኅዳጉን ከፎቶው ቆርጠን፣ ለብቻው አዙረን፣ ራሱን እንደቻለ ምስል ላክነው። ሰንጠረዡም ያለ ኅዳጉ እንደገና ተላከ።